ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ስለሚጠየቅ የምዝገባና የስልጠና ክፍያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አምና የአክስቴ ልጅ ሥራ አገኘሁ ብላ 4,000 ብር ከፈለች። ሥራውም ቀረ፣ ብሩም ቀረ። የእኔ ሙያ ደግሞ የሠራተኛ ቅጥር ነው። ከመክፈሏ በፊት አንዴ ደውላልኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም፣ የጓደኛ ልጅም እየደወለ ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የማወራው በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ተከራይተው፣ ሥራ እናስቀጥራለን እያሉ አስቀድመው ገንዘብ ስለሚሰበስቡት ነው።

ማስታወቂያው ላይ ስለ ክፍያ ምንም አልተጻፈም። ታዲያ ገንዘቡ መቼ ይመጣል?

መጀመሪያ ላይ በጭራሽ አይመጣም። የአክስቴ ልጅ የሆነችውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ልጅቷ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋለች። አንድ ቀን መገናኛ ታክሲ ስትጠብቅ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየች። “አስቸኳይ ቅጥር” ይላል። ካሸር፣ ሪሴፕሽን፣ ስቶር ኪፐር፣ ፀሐፊ፣ ሱፐርቫይዘር። ከ10ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ፣ በዜሮ ዓመት ልምድ። የድርጅት ስም የለውም፤ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

ደወለች። ትሁት ድምፅ ያላት ሴት አነሳች። “ቦታው ሊሞላ ነው፣ ነገ ከ3 ሰዓት በፊት ድረሺ። የትምህርት ማስረጃሽን ኮፒና ሁለት ጉርድ ፎቶ ያዢ” አለቻት። ስለ ክፍያ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

በማግስቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ቢሮ ሄደች። ከ20 በላይ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። ወረፋው ራሱ አሳመናት። ይሄ ሁሉ ሰው የመጣው እውነት ቢሆን ነው ብላ አሰበች። ፎርም ለመሙላት 300 ብር ተጠየቀች። ታክሲ ከፍላ፣ ከሥራ ፈላጊ ጓደኛዋ ጫማ ተውሳ እዚያ ድረስ ከመጣች በኋላ ለ300 ብር ብላ መመለስ ከበዳት። ከፈለች።

ኢንተርቪው የተባለው አምስት ደቂቃ አልሞላም። “ስለራስሽ ንገሪን” ብቻ ነው። ወዲያው “እንኳን ደስ አለሽ፣ አልፈሻል። አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ካሸር ሆነሽ ትመደቢያለሽ፣ ደሞዝ 12,000 ብር” ተባለች። እዚያው ለእናቷ ደወለች። ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው ክፍያ የመጣው። የአምስት ቀን ስልጠና፣ 2,500 ብር። እናቷ ከዕቁብ ጓደኛቸው ተበድረው ሰጧት። ስልጠናው ሲያልቅ ደግሞ ለዩኒፎርምና ለባጅ 1,200 ብር ተባለ። ያን ጊዜ 2,800 ብር አውጥታለች። “ይሄን ሁሉ ከከፈልኩ በኋላ ለ1,200 ብር ብዬ ሥራውን ልጣ?” ብላ እሱንም ከፈለች።

ማኅተም ያለበት የምደባ ደብዳቤ ሰጧት። ሰኞ ጠዋት ይዛው ሱፐርማርኬቱ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። “እኛ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምንም ውል የለንም። በዚህ ወር ብቻ አንቺ ሦስተኛ ነሽ” አላት። ቢሮው ስትመለስ “ለውጥ ስላለ ሌላ ቦታ እንመድብሻለን፣ ጠብቂ” አሏት። ሁለት ሳምንት ጠበቀች። በሦስተኛው ሳምንት ክፍሉ ባዶ ነበር። ስልኩም ጥሪ አይቀበልም።

ለ300 ብር ብሎ ማን ቢሮ ይከራያል? ገንዘቡ እኮ ትንሽ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አጭበርባሪ ከሆኑ ብዙ ብር በጠየቁ ነበር ብሎ ያስባል።

እስቲ አብረን እናስላ። ከእሷ ጋር ስልጠናውን የወሰዱት 30 ገደማ ነበሩ። ሁሉም 4,000 ብር ከከፈሉ 120,000 ብር ይሆናል፤ ያውም በአንድ ሳምንት። ፎርም ሞልተው፣ ስልጠናው ሲጠራ ብር አጥተው የቀሩትን ሳንቆጥር ነው። ወጪው ደግሞ የክፍሉ ኪራይ፣ ሁለት ሦስት ሰዎችና የፎቶኮፒ ወረቀት ነው።

ትንሽ መሆኑ ሌላም ይጠቅማቸዋል። 300 ብር የተበላ ሰው ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም። ለመክሰስ የሚያወጣው የታክሲ ብር ከተበላው ይበልጣል። 4,000 ብር የተበላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያፍራል፣ ለቤተሰቡ እንኳ አይናገርም።

ደረሰኝ ሰጥተውኛል፣ ንግድ ፈቃዱም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንዴት ሐሰተኛ ይሆናሉ?

ፈቃዱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ፈቃዱ ለምን ሥራ ነው የሚለው ነው። ንግድ ፈቃድ ላይ የሥራ መስክ የሚል ቦታ አለ። እሱን አንብቡት። የስልጠና አገልግሎት ወይም የኮሚሽን ሥራ የሚል ከሆነ፣ ሥራና ሠራተኛ ለማገናኘት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። አሠሪና ሠራተኛ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የንግድ ፈቃዱን ቁጥር ወይም የግብር ከፋይ ቁጥሩን ወስዳችሁ etrade.gov.et ላይ ማጣራት ትችላላችሁ። ፎቶ ላንሳው ብላችሁ ከከለከሏችሁ፣ እሱም ራሱ መልስ ነው።

ደረሰኙን ደግሞ ቃል በቃል አንብቡት። የአክስቴ ልጅ ደረሰኝ ላይ “ለቅጥር” የሚል ቃል የለም። “ለካስተመር ሰርቪስ ስልጠና፣ ተመላሽ የማይሆን” ነው የሚለው። ስልጠናውም በእርግጥ ተሰጥቷል። ስምንት ገጽ ፎቶኮፒ ነው፣ ግን ተሰጥቷል። ስለዚህ ስትጠይቃቸው “እኛ ስልጠና ሸጥንልሽ፣ ወሰድሽ፣ ሰርተፍኬትም አለሽ። ሥራ እናፈላልጋለን እንጂ እናስቀጥራለን አላልንም” አሏት። ስልጠና የሚባለው ነገር የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው። በቃል የሚነግሯችሁ ሥራ ነው፣ በወረቀት የሚሸጡላችሁ ኮርስ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት “ደረሰኙ ላይ፣ በዚህ ድርጅት፣ በዚህ ደሞዝ ለመቀጠር ብላችሁ ጻፉልኝ” በሏቸው። እምቢ ይላሉ።

ሕጉ ምን ይላል? ኤጀንሲ የምዝገባ መጠየቅ ይችላል?

ከሥራ ፈላጊው አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም፣ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ብሎ ነው። ክፍያውን የሚከፍለው ሠራተኛ የፈለገው አሠሪ ነው። “በተዘዋዋሪ” የምትለዋን ቃል ልብ በሏት። የፎርም፣ የፋይል መክፈቻ፣ የስልጠና፣ የባጅ ብሎ ስም መቀየር ነገሩን አይለውጠውም።

ከተማው ውስጥ ከመጀመሪያ ደሞዝ ላይ ኮሚሽን የሚቆርጡ ደላሎች እንዳሉ አውቃለሁ። ተለመደ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ሆኖም በእነሱና በእነዚህኞቹ መካከል ልዩነት አለ። ደላላው ቢያንስ ሥራው ተገኝቶ ነው የሚጠይቀው። እነዚህ የሚጠይቁት ሥራ በሌለበት ነው።

እውነተኛ ቀጣሪም እኮ ያሠለጥናል፣ ሜዲካልና ተያዥም ይጠይቃል። በምን ልለየው?

ትክክል ነው፣ ይጠይቃል። የሚለየው ገንዘቡ ወደ ማን ኪስ ይገባል በሚለው ነው።

ምግብ ቤት ለመቀጠር የጤና ምርመራ ብትጠየቁ፣ የምትከፍሉት ለጤና ተቋሙ ነው። ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ ብትጠየቁ የምትከፍሉት ፖሊስ ዘንድ ነው። ለሹፌርነት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የምትከፍሉት ለማሠልጠኛው ነው። አንዱም ወደ ቀጣሪው አይገባም። ሥራው ቢቀር እንኳ ወረቀቱ የእናንተ ነው፣ ሌላ ቦታ ይሠራል።

ስልጠናን በተመለከተ፣ ባንኮችን ውሰዱ። አዲስ ሠራተኛ ቀጥረው ሥራ ከማስጀመራቸው በፊት ያሠለጥናሉ። ወጪው የባንኩ ነው። ቀጥሬሃለሁ የሚል አሠሪ ሠራተኛውን የሚያሠለጥነው ለራሱ ጥቅም ነው፣ ስለዚህ ራሱ ይከፍላል። በራሱ ወጪ መማር የሚፈልግ ሰው ሙያ ማሠልጠኛ ገብቶ መክፈሉ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ትምህርት እየገዛ መሆኑን ያውቃል።

ተያዥም የተለመደ ነው፣ በተለይ ገንዘብና ንብረት ለሚይዝ ሠራተኛ። ተያዥ ግን ሰው ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ይፈርምላችኋል። “ተያዥ ከሌለሽ 3,000 ብር አስይዢ” የሚል ቀጣሪ ካጋጠማችሁ ውጡ። ተያዥ የሌለው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ በብዛት የሚያዘው በዚች ዘዴ ነው።

ቢሯቸው ሳልሄድ በስልክ ብቻ ማወቅ እችላለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ፣ አዎ። እኔ ሦስት ነገር ጠይቁ እላለሁ።

መጀመሪያ የቀጣሪውን ድርጅት ስም ጠይቁ። “ቢሮ ስትመጣ እንነግርሃለን” ካሉ ጥርጣሬያችሁ ይጨምር። አንዳንድ እውነተኛ ኤጀንሲ የደንበኛውን ስም መጀመሪያ ላይ ላይናገር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

ቀጥሎ “እኔ የምከፍለው ነገር አለ?” በሉ። ጥያቄውን ሰምተው “መጀመሪያ ነይ፣ እሱን እዚህ እናወራለን” ካሉ፣ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛዋን በጣም እወዳታለሁ። “አሁን ብር የለኝም፣ ከመጀመሪያ ደሞዜ ላይ ቁረጡልኝ” በሏቸው። እንዲቆረጥባችሁ እንድትስማሙ አይደለም የምላችሁ፣ መልሳቸውን ለመስማት ነው። 12,000 ብር የሚከፈልበት ሥራ በእጁ ያለ ሰው 2,500 ብር አንድ ወር መጠበቅ አያቅተውም። ደሞዝ የሚባል ነገር እንደማይመጣ የሚያውቅ ሰው ግን መጠበቅ አይችልም። ወዲያው “ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን” ይላል። ወይም ዋጋውን ይቀንሳል። “ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ዓርብ” የሚል ድርድር ከጀመረ ነገሩ ግልጽ ነው።

ስልጠናውን ጨርሼ “ፈተናውን ወድቀሻል” አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው?

አይደለም። ፈተናው እንድትወድቂ የተዘጋጀ ነው። እነሱ የሚመድቡበት ቦታ የላቸውም፣ ስለዚህ ጥፋቱን ወደ ሠልጣኙ ማዞር አለባቸው። አንዱን ወደቅህ ይሉታል፣ ሌላዋን አንድ ቀን ቀርተሻል ይሏታል። “ለድጋሚ ፈተና” ብለው እንደገና የሚያስከፍሉም አሉ። በፍጹም አትክፈሉ።

ከፍያለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ዝም በሉ። “ሌቦች ናችሁ” ብላችሁ ቴክስት አትላኩ። የነቃችሁ መሆኑን ካወቁ ማስረጃ ያጠፋሉ። ቴሌግራም ላይ የተጻጻፋችሁትን ከእነሱ ስልክም ከእናንተም ስልክ ማጥፋት ይችላሉ። ስለዚህ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱ። መልእክቱን፣ የአካውንቱን ስም፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ማስታወቂያውን። ምሰሶው ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሱት። የሕንፃውን ስም፣ የፎቁንና የክፍሉን ቁጥር ጻፉ።

ቀጥሎ የገንዘቡን መንገድ ያዙ። በንግድ ባንክ ከላካችሁ ደረሰኙ ላይ FT ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ። በቴሌብር ከላካችሁም የግብይት ቁጥር ይመጣላችኋል። የተቀባዩ ስምም ይታያል። እነዚህን አታጥፉ። ወዲያው ለባንኩ ደውላችሁ አሳውቁ። ንግድ ባንክ 951 ነው፣ ቴሌብር 127። እውነቱን ልናገርና፣ በፈቃዳችሁ የላካችሁትን ብር ባንክ በስልክ ብቻ አይመልስላችሁም። ግን አቤቱታችሁ ይመዘገባል። ፖሊስ በኋላ የሂሳቡን ባለቤት ሲጠይቅ ይጠቅማል። በእጅ ከፍላችሁ ደረሰኝ ካልሰጧችሁ፣ ስትከፍሉ አጠገባችሁ የነበረውን ሰው ስልክ ፈልጉ።

ከሁሉም በላይ አብረዋችሁ የተመዘገቡትን ፈልጉ። የአክስቴ ልጅ ስልጠና ላይ የአምስት ልጆችን ስልክ ይዛ ነበር። እነሱ ሌሎች አመጡ። አንድ ሰው 4,000 ብር ብሎ ሲሄድና 11 ሰው አንድ ዓይነት ደረሰኝ ይዞ ሲሄድ አንድ አይደለም። የአንድ ሰው አለመግባባት ሊባል ይችላል። የ11 ሰው ግን አሠራር ነው።

ከዚያ ቢሮው በሚገኝበት አካባቢ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ቢሮው ገና ክፍት ከሆነ አትዘግዩ። ሰዎቹ እዚያው እያሉ የሚቀርብ አቤቱታና ከጠፉ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ውጤቱ በጣም ይለያያል። የክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም አመልክቱ። ፈቃድ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የአክስቴ ልጅና ጓደኞቿ የሄዱት ክፍሉ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። አቤቱታው ተመዝግቧል። ብሩ ግን እስካሁን አልተመለሰም።

ፖሊስ ጣቢያ “ይሄ የውል ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ” ብንባልስ?

ሊያጋጥም ይችላል። “ስልጠና” የሚለው ደረሰኝ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። መልሳችሁ “ሥራ አልሰጡኝም” ብቻ ከሆነ ውል ያልተፈጸመ ይመስላል። መናገር ያለባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የተነገራችሁን ውሸት ነው። “በዚህ ድርጅት ተመድበሻል አሉኝ፣ ድርጅቱ አያውቃቸውም፣ ያንን አምኜ ከፈልኩ።” በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነት የሚለው ይህንን ነው። በሐሰት ነገር ሰውን አሳስቶ ጥቅሙን የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ ማድረግ። እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል።

ስለዚህ ትልቁ ማስረጃችሁ ያለው ስሙ የተጠራው ድርጅት ዘንድ ነው። ሄዳችሁ ለሰው ኃይል ክፍሉ አስረዱ። “ከእነዚህ ጋር ውል የለንም” የሚል አጭር ደብዳቤ ይስጧችሁ። ደብዳቤ ካልሰጡ የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑን ያዙ። የሐሰት የምደባ ደብዳቤ ከተሰጣችሁ ኦርጅናሉን ለማንም እንዳትመልሱ። “አምጪው፣ ሌላ እንጽፍልሻለን” ብለው ሊወስዱት ይሞክራሉ።

በቴሌግራም የአንድ ትልቅ ድርጅት ስምና አርማ ያለው ማስታወቂያ አየሁ። ምዝገባ 500 ብር ይላል።

ስምና አርማ ማንም ኮፒ ያደርጋል። የቻናሉ ተከታይ ብዛትም ምንም አያረጋግጥም፣ ይገዛል። ብር ልትልኩ ስትሉ ከማረጋገጫው በፊት የሚመጣውን የተቀባይ ስም ተመልከቱ። የግለሰብ ስም ነው የሚሆነው። ድርጅቱ የራሱ ድረ ገጽ ካለው የክፍት ሥራ ቦታው እዚያ መኖር አለበት። ከሌለ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሉ፣ ግን ማስታወቂያው ላይ ባለው ቁጥር አይደለም።

ወደ ዐረብ ሀገር እንልካለን የሚሉትስ?

እሱ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ በአጭሩ ብቻ። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት ሕጉ ወጪውን ከፋፍሎ አስቀምጧል። ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ነው። “ለፕሮሰስ” ብሎ በግል ሂሳቡ ብር የሚጠይቅ ሰው የቪዛም ሆነ የትኬት አይከፍልላችሁም።

ኮፒ ዶክመንቶቼ እነሱ ጋር ቀርተዋል። ልፍራ?

ኮፒ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። ግን ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ለፖሊስም በዝርዝር ተናገሩ። በስማችሁ የባንክ ሂሳብ እንክፈትላችሁ ብለው አስፈርመዋችሁ ከነበረ ባንኩ ሄዳችሁ አስዘጉ፤ የሌላ ሰው ብር በእናንተ ስም ሊገባበት ይችላል። በስልካችሁ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ ሰጥታችሁ ከሆነ የቴሌብርና የሞባይል ባንኪንግ ምሥጢር ቁጥራችሁን ዛሬ ቀይሩ። ኦርጅናል ዲግሪ ወይም መታወቂያ ከያዙባችሁ ግን፣ ከብሩ በፊት እሱን ጠይቁ። ቢሮው ክፍት እያለ፣ ሁለት ሦስት ሰው አስከትላችሁ፣ ዛሬ ሂዱ።